«ተዳር እዳር የሚደፍን»፦ የ1894 ዓ.ም. ውልን ለዛሬ አንባቢ ስለ ማሳጠር

(በአሶሳ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ አጭር ጽሑፍ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ በጆን ሌን ሃሪንግተን መካከል የተፈረመው ውል ነው። አምስት አንቀጾች አሉት። በእንግሊዝኛና በአማርኛ ተጽፎ ሁለቱም ቋንቋዎች እኩል የጸና ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል። አንደኛው አንቀጽ ይህ የተቀመጥንበት ምድር በካርታ ላይ ከየትኛው ወገን እንደሚውል የወሰነ ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ደግሞ ከዚህ ከክልላችን፣ ጉባ ላይ ስለ ቆመው ግድብ ክርክር በተነሣ ቁጥር የሚጠቀስ ነው። ስለዚህ ውሉን ማሳጠር ለእኛ ተራ የክፍል ሥራ ሊሆን አይችልም። በሦስት መስመር የሚጻፈው ማጠቃለያ በአደባባይ ሙግት ውስጥ ምስክር ሆኖ ይቀርባልና።

ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ተማሪ ሳለሁ ይህንን ውል በአንድ ገጽ እንዳሳጥር ታዘዝሁ። ሦስተኛውን አንቀጽ «ምኒልክ በእንግሊዞች ተታለው የዓባይን ውኃ የመጠቀም መብታቸውን አሳልፈው ሰጡ» ብዬ አጠቃለልሁት። መምህሬ ወረቀቱን መለሱልኝ፤ በኅዳጉ ላይ «ይህን ያለው ውሉ ነው ወይስ አንተ?» ብለው ጽፈውበት ነበር። ወደ ጽሑፉ ተመልሼ ሳየው «መታለል» የሚል ነገር የለበትም። «መብት» የሚልም የለበትም። «መጠቀም» የሚልም የለበትም። ከዓረፍተ ነገሬ ውስጥ የውሉ የሆኑት «ምኒልክ»፣ «እንግሊዝ»፣ «ዓባይ» እና «ውኃ» የሚሉት አራት ቃላት ብቻ ነበሩ። የቀረው ሁሉ የእኔና የዘመኔ ፍርድ ነበር። ፍርዱ ትክክል ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ ጥፋቴ ግን ፍርዴን በውሉ አፍ ማናገሬ ነበር።

እንግዲህ ያንን አንቀጽ ዛሬ ከእናንተ ጋር እንደ ገና ላሳጥረው። መጀመሪያ ቃሉን እንስማ። የአማርኛው ቅጂ፣ ጃንሆይ ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ፣ ከጥቁር ዓባይ፣ ከባሕረ ጣናና ከሶባት ወንዝ ወደ ነጭ ዓባይ የሚወርደውን ውኃ፣ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ አስቀድመው ሳይስማሙ «ወንዝ ተዳር እዳር የሚደፍን ሥራ» እንዳይሠሩ፣ ለማንም ፈቃድ እንዳይሰጡ ውል ማድረጋቸውን ይናገራል።

የዛሬ ወጣት አንባቢ እዚህ አረፍተ ነገር ውስጥ በሦስት ቦታ ይሰናከላል። የመጀመሪያው ሰዋስው ነው። «ተዳር እዳር» የሚለው «ከዳር እዳር» ማለት ነው። በዚያ ዘመን ጽሑፍና ዛሬም በአንዳንድ አካባቢ ንግግር «ከ» በ«ተ» ይተካል። «እ» ደግሞ «እቤት»፣ «እሜዳ» እንደምንለው ቦታን ያመለክታል። ስለዚህ ሐረጉ ከወንዙ አንዱ ዳርቻ እስከ ሌላው ዳርቻ የሚደርስ ሥራ ማለቱ ነው። ሁለተኛው ስም ነው። «ሶባት» የወንዝ ስም ነው፤ የእኛ ባሮ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ የሚጠራበት ስም። በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ከቁጥሩ ከ«ሰባት» ጋር ይቀራረባል። ካርታ ሳያይ የሚያነብ ሰው «ሰባት ወንዞች» ብሎ ቢያሳጥረው ውሉ ያላሰባቸውን ወንዞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጨምርበታል። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው «የሚደፍን» የሚለው ግሥ ነው። ለዚህ ሰፋ ያለ ጊዜ እሰጠዋለሁ።

ቀዳዳ ይደፈናል፤ ጉድጓድ ይደፈናል። መድፈን ማለት የሚያልፈው ነገር እንዳያልፍ መዝጋት ነው። በአንቀጹ ውስጥ «ግድብ» ወይም «የሚገድብ» የሚል ቃል አልገባም። በእንግሊዝኛውም ወገን የተጻፈው ግሥ ፍሰቱን «ማቆም» የሚል ትርጉም ያለው ነው፤ «መቀነስ» የሚል አይደለም። ከዚህ ተነሥተው ብዙ ወገኖቻችን «ውሉ የሚከለክለው ውኃውን ፈጽሞ የሚዘጋ ሥራ ነው፤ ውኃውን በተርባይን አሳልፎ የሚለቅ ግድብ አይከለክልም» ይላሉ። ይህ ብርቱ ሙግት ነው፤ እኔም እንደ ዜጋ የምጋራው ነው። ነገር ግን ማጠቃለያ በምጽፍበት ሰዓት ሙግቴን ከጽሑፉ መለየት አለብኝ። እንዲህ ብዬም ራሴን መፈተን አለብኝ፦ ቃሉ ለእኔ የሚመቸውን ብቻ ነውን የሚናገረው?

አይደለም። «ተዳር እዳር» የሚለው ክፍል ለእኛ አይመቸንም። የጉባው ዋና ግድብ 145 ሜትር ከፍታና ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በርግጥም ከዳር እስከ ዳር የቆመ ሥራ ነው። የሐረጉ አንድ እግር ከግድቡ ጋር ይገጥማል፤ ሌላው እግር፣ «የሚደፍን» የሚለው፣ ክርክሩን ይሸከማል። በሌላው ወገን የሚከራከሩት ደግሞ «የሚደፍን» የሚለውን ሳያነሡ «ከዳር እዳር» የሚለውን ብቻ ይዘው ውሉ ማንኛውንም ግድብ ይከለክላል ይላሉ። ሁለቱም ግማሹን ሐረግ ነው የሚያነቡት። የማጠቃለያ የመጀመሪያ ግዴታ ሁለቱንም እግሮች ሳይቆርጡ ማስቀመጥ ነው።

እዚህ ላይ የዘመኑን ሰዎች አስተሳሰብ ለመገመት የሚረዳ አንድ ነገር ልጨምር። ውሉ በተፈረመበት ዓመት እንግሊዞች አስዋን ላይ የመጀመሪያውን ግድብ ሊጨርሱ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1902 ተመረቀ። ያ ግድብ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ይዞ የቆመ ሲሆን የክረምቱን ደራሽ ውኃ የሚያሳልፉ 180 በሮች ነበሩት። ይህ ማለት ለእንግሊዙ ወገን «ከዳር እስከ ዳር የቆመ፣ ነገር ግን የማይዘጋ ሥራ» የማይታወቅ ነገር አልነበረም። ከዚህ ተነሥቶ አንዱ «እንግዲያውስ በር ያለውን ግድብ ቢፈልጉ ኖሮ በስሙ ጠርተው ይከለክሉት ነበር» ይላል። ሌላው «እንዲህ ያለው ግድብ በዓይናቸው ፊት ስለ ነበረ ነው ያለ ፈቃዳቸው አንዳች እንዳይሠራ የፈለጉት» ይላል። ጽሑፉ ከሁለቱ አንዱን አይመርጥም። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ማጠቃለያ የሚጽፍ ሰው ማድረግ ያለበት ቃሉን እንዳለ ማስቀመጥና ክፍቱን ቦታ ክፍት መተው ነው። በመሙላት የሚገኝ ግልጽነት የውሸት ግልጽነት ነው።

ቀጥሎ ባለቤቱን እንመልከት። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት «ኢትዮጵያ» አይደለችም፤ «ጃንሆይ» ናቸው። ብዙ ማጠቃለያ «ኢትዮጵያ ተስማማች» ብሎ ይጽፋል፤ ለዛሬ ጆሮ የተለመደው አገላለጽ እርሱ ነውና። በዚያ ዘመን ግን መንግሥትና ንጉሥ በአንድ ስም ይጠሩ ነበር፤ ቃል የሚገባውም ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ነበር። ግዴታው ለተተኪዎቻቸው ይተላለፋል ወይስ አይተላለፍም የሚለው የኋላ ዘመን ሕግ አዋቂዎች ጥያቄ ነው። እኛ «ጃንሆይ»ን በ«ኢትዮጵያ» ስንተካ ያንን ጥያቄ ሳንጠየቅ መልሰነዋል ማለት ነው። ስለዚህ ባለቤቱን አልቀይርም።

ሦስተኛው ጉዳይ ተቀባዩ ነው። እንግሊዝኛው ቅጂ ስምምነቱ ከእንግሊዝ መንግሥትና ከሱዳን መንግሥት ጋር እንዲሆን ይላል፤ በአማርኛው የምናገኘው «ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ» የሚለውን ነው። ሁለቱ ቅጂዎች እኩል የጸኑ ከሆኑ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከዚህ ውል 13 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል፣ በአንቀጽ 17 የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቃል መለያየት ምን እንዳስከተለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከየትኛው ቋንቋ እንዳሳጠርሁ ሳልናገር ማጠቃለያ መጻፍ አይገባኝም። ሁለቱን ደባልቄ አንድ «የተስተካከለ» ጽሑፍ ብሠራ በታሪክ ያልነበረ ሦስተኛ ውል ፈጠርሁ ማለት ነው።

አራተኛው የሌለውን አለመጨመር ነው። አንቀጹ ስለ ውኃ መጠን፣ ስለ ድርሻ፣ ስለ ኪዩቢክ ሜትር አንዳች አይናገርም። እነዚህ ቃላት ወደ ክርክሩ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1959 በተደረጉት ስምምነቶች ነው፤ በሁለቱም ኢትዮጵያ ተዋዋይ አልነበረችም። የ1894ቱን ውል «የውኃ ክፍፍል ውል» ብሎ የሚጠራ ሰው የኋለኛውን ዘመን ልብስ ለፊተኛው አልብሶታል።

አሁን ከውኃው ወደ ምድሩ እንመለስ። አንደኛው አንቀጽ ድንበሩን ሲያወርድ የቦታ ስሞችን ይዘረዝራል፤ ከኡም ሐጀር ተነሥቶ ወደ ገላባት፣ ወደ ጥቁር ዓባይ፣ ወደ ባሮ፣ ፒቦርና አኮቦ፣ እያለ ይወርዳል። ሁለተኛው አንቀጽ የሁለቱ መንግሥታት ኮሚሽን ድንበሩን በምድር ላይ ምልክት እንዲያደርግበትና ከዚያ በኋላ ለሕዝባቸው እንዲያስታውቁ ያዛል። «ከዚያ በኋላ» የሚለውን ልብ በሉ። በ1895 ዓ.ም. ግድም መስመሩን በምድር ላይ እየዞረ ያመለከተው እንግሊዛዊው መኰንን ሻለቃ ቻርልስ ግዊን ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ በርታ የሚል ስም የለም። ጉሙዝ የሚል የለም። ሺናሻ፣ ማኦ፣ ኮሞ የሚል የለም። ሰዎቹ ግን ነበሩ፤ መንግሥታቸውም ነበር። ከውሉ አራት ዓመት ገደማ አስቀድሞ ራስ መኰንን ወደዚህ ሲዘምቱ የገጠሟቸውና የተነጋገሯቸው የታወቁ ገዥዎች ናቸው፤ የአሶሳው ሼህ ሖጀሌ አልሐሰን፣ የኮሞሻው ቶር አልጉሪ፣ የቤላ ሻንጉሉ ዓብዱራሕማን ሖጀሌ። አዲስ አበባ ውስጥ «ሸጎሌ» የሚባለው ሰፈር እስከ ዛሬ የሼህ ሖጀሌን ስም ይዞ ይኖራል። በርታና ጉሙዝ ዛሬም ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ይኖራሉ።

እዚህ ላይ የማጠቃለያ ጸሐፊው ልብ ይፈተናል፤ የእኔም ይፈተናል። ይህንን አንቀጽ ሳነብ «ባለቤቱ ሳይጠየቅ ምድሩ ተከፋፈለ» ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ። እውነት ነውን? እንደ እኔ እምነት እውነት ነው። ነገር ግን ውሉ እንዲህ አይልም፤ የተዋዋሉት ሰዎችም በዚህ ዓይን አያዩትም ነበር። ለእነርሱ ድንበር የነገሥታት ጉዳይ ነበር፤ ሕዝብ የሚነገረው እንጂ የሚጠየቅ አልነበረም። ይህ አስተሳሰብ ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው። «ሕዝቡ ሳይጠየቅ» የሚለውን በማጠቃለያው ውስጥ ብጨምረው፣ የዘመኑ ሰዎች መጠየቅ እንደሚገባ እያወቁ የተዉ ያስመስላል። ያን ጊዜ ነገሩ የሚያሳፍረው ግለሰቦቹን ብቻ ይሆናል፤ የሥርዓቱ ሁለንተና ከዓይን ይሰወራል። በፊተኛው ክፍል «ድንበሩ ምልክት ከተደረገበት በኋላ ለሕዝብ እንዲታወቅ» ብዬ የውሉን ቃል አስቀምጣለሁ። ከመስመሩ በታች፣ በራሴ ስም፣ «የአካባቢው ሕዝብና ገዥዎች በውሉ ውስጥ በስም አልተጠቀሱም፤ ፈቃዳቸው ስለ መጠየቁም ቃል የለም» ብዬ እጽፋለሁ። አንባቢው ሁለቱን አስተያይቶ ይፈርዳል። ፍርዱ እንዲህ ሲሆን ይበረታል እንጂ አይለዝብም።

በዘመኑ ዜና መዋዕሎችና ደብዳቤዎች ላይ የሚሠሩ ተማሪዎቼ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጡልኛል። እነዚያ ጽሑፎች የዚህን ምድር ሰዎች «ሻንቅላ» እያሉ ይጠራሉ፤ ዛሬ ስድብ ነው፤ ያን ጊዜም ከባርነት ጋር የተጣበቀ ስም ነበር። በማጠቃለያችን ምን እናድርገው? አንዳንዱ ቃሉን እንደ ወረደ በራሱ ድምፅ ይደግመዋል፤ ይህ የጸሐፊውን ንቀት የራስ ማድረግ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በቅንነት ተነሣሥቶ በየቦታው «ጉሙዝ» ብሎ ይተካዋል። ይህም ስሕተት ነው። ቃሉ ለአንድ ሕዝብ የተሰጠ አልነበረም፤ ከሰሜን ምዕራብ እስከ ደቡብ ምዕራብ ያሉትን ብዙ ሕዝቦች በአንድ ላይ የሚጠቀልል ነበር። ቦታው አሶሳ አጠገብ ከሆነ የተባሉት በርታ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወደ መተከል ከሆነ ጉሙዝ ሊሆኑ ይችላሉ። ሳያረጋግጡ መተካት አንዱን ሕዝብ በሌላው ታሪክ ውስጥ ማስገባት ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ቃሉን አንድ ጊዜ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጌ የጸሐፊው መሆኑን እናገራለሁ፤ ከዚያ በኋላ «የአካባቢው ነዋሪዎች» እላለሁ፤ ቦታው ሕዝቡን በርግጥ የሚያስለይ ሲሆን ብቻ ሕዝቡ ራሱን በሚጠራበት ስም እጠራዋለሁ።

እንግዲህ የሦስተኛውን አንቀጽ ማጠቃለያ ቃል በገባሁት መሠረት ላቅርብ።

«ከአማርኛው ቅጂ። ዳግማዊ ምኒልክ፣ ከጥቁር ዓባይ፣ ከጣናና ከሶባት ወደ ነጭ ዓባይ የሚወርደውን ውኃ በሚመለከት፣ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር አስቀድመው ሳይስማሙ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሚደፍን ሥራ ላለመሥራትና ለሌላም ላለመፍቀድ ይዋዋላሉ። እንግሊዝኛው ከዚህ ጋር የሱዳንን መንግሥት ስምምነት ይጨምራል።»

ከመስመር በታች፣ በጸሐፊው ስም፦ «አንቀጹ ስለ ውኃ መጠን ወይም ድርሻ አይናገርም። ‹መደፈን› ውኃ የሚያሳልፍ ግድብን ይጨምር እንደ ሆነ አያብራራም። በእኔ አስተያየት የቃሉ ተፈጥሯዊ ትርጉም ፈጽሞ መዝጋት ነው፤ ይህንን የማይቀበሉ አሉ።»

ይህ ማጠቃለያ እንደ መፈክር አያምርም፤ አውቃለሁ። ሁለት መፈክሮች ግን በየአደባባዩ ሲሰሙ ኖረዋል። አንደኛው «ምኒልክ ዓባይን ሸጡ» ይላል፤ ሁለተኛው «ምኒልክ ለግድባችን አስበው በሩን ክፍት ተዉት» ይላል። ሁለቱም ንጉሡን በእኛ ዘመን ጉዳይ ውስጥ ያስገቧቸዋል። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ በዓይናቸው ፊት የነበረው፣ ከዐድዋ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በቅኝ ገዥዎች የተከበበውን ግዛታቸውን ወሰን በጽሑፍ ማስጸናት ነበር። እንግሊዞች በዓይናቸው ፊት የነበረው ለግብፅ መስኖ የሚሄደው ውኃና ከፋሾዳ ግጭት በኋላ ሌላ ኃያል መንግሥት በዓባይ ምንጭ ላይ እንዳይሰፍር መከላከል ነበር።

ይህ ጥንቃቄ ለምን ይጠቅማል የሚል ካለ በ2013 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። በግድቡ ውዝግብ መካከል የሱዳን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ኢትዮጵያ የ1894ቱን ውል የማትቀበል ከሆነ የቤኒሻንጉልም ባለቤትነቷ ጥያቄ ውስጥ ይገባል የሚል መግለጫ አወጣ። በዚያ ሰሞን «ውሉ የቅኝ ግዛት ወረቀት ነው፤ ቀዳችሁ ጣሉት» ብለው የሚጽፉ ወገኖች ነበሩን። አሶሳ ተቀምጦ እንዲህ ለማለት ግን ሁለቴ ማሰብ ያስፈልጋል። አንደኛው አንቀጽና ሦስተኛው አንቀጽ የተጻፉት በአንድ ወረቀት ላይ ነው። በስሜት የተጻፈ ማጠቃለያ የሚወደውን አንቀጽ አጉልቶ የሚጠላውን ይሰርዛል፤ ተከራካሪው ግን ሙሉውን ወረቀት ይዞ ይመጣል። ውሉን እንዳለ፣ ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ብቻ ነው ለዚያ መልስ የሚያዘጋጀው።